ሥዕሉ አምሮ እናቴን ግን ሲያጣት

እናቴና አክስቴ ጎን ለጎን ተቀምጠው የተነሱት ፎቶ አለ። ወደ ውሃ ቀለም ሥዕል ልቀይረው ፈለግኩ። ኮምፒውተሬ ላይ SDXL የሚባል ምስል የሚሠራ የAI ሞዴል ነበረኝ። ፎቶውን አስገባሁ፣ `strength` የሚለውን 0.65 ላይ አደረግኩ፣ በ30 እርምጃ እንዲሠራ አዘዝኩ። የወጣው ሥዕል ያምራል። ወንድሜ ግን አንዴ አየት አደረገና «ቆንጆ ሴት ናት፤ እማዬ ግን አይደለችም» አለኝ።

ልክ ነበር። ዓይኖቿ ተልቀዋል፣ ቆዳዋ ፈክቷል፣ ዕድሜዋ በብዙ ዓመት ቀንሷል። ከሁሉም የከነከነኝ የፊት ጥርሷ ፍንጭት መደፈኑ ነው።

ምክንያቱን ስፈልግ ሁለት ነገር አገኘሁ። አንደኛው መጠን ነው። ሞዴሉ የሚሠራው ፎቶው ላይ በቀጥታ አይደለም፤ መጀመሪያ በእያንዳንዱ ጎን ስምንት እጥፍ ያሳንሰዋል። 1024 በ1024 የነበረው ምስሌ 128 በ128 ሆነ ማለት ነው። የእናቴ ፊት ፎቶው ላይ ወደ 96 ፒክስል ስፋት ነበረው፤ ስለዚህ ሞዴሉ ጋ የደረሰው 12 ነጥብ ብቻ ነው። ለአንድ ዓይን ሁለት ነጥብ ቢደርስ ነው። የጥርስ ፍንጭት እዚያ ውስጥ ቦታ የለውም።

ሁለተኛው ራሱ `strength` ነው። 0.65 ሲሆን ከ30ው እርምጃ 19 ያህሉ ይሠራል፤ ማለትም ምስሉ ላይ ብዙ የዘፈቀደ ነጠብጣብ ይጨመርበትና እንደ አዲስ ይሳላል። የጠፋውን ሞዴሉ የሚሞላው ከለመደው ነው። «የውሃ ቀለም ሥዕል» ሲባል የለመደው ደግሞ ወጣትና ለስላሳ ፊት ነው። ወደ 0.3 ሳወርደው እናቴ ተመለሰች፤ ግን ሥዕሉም ፎቶ ሆኖ ቀረ።

ስለዚህ ማጣቀሻ ምስል ጨመርኩ፤ እናቴ ለብቻዋ የተነሳችበትን ቅርብ ፎቶ። ፊቷ ትንሽ ቀረበ። ነገር ግን የዚያ ፎቶ ብርሃንና የራስ መሸፈኛዋ ጭምር አብሮ መጣ። እንዲህ ያለ ማጣቀሻ የሚያስተላልፈው የምስሉን አጠቃላይ መልክ ነው፤ ፊቱን ነጥሎ አይወስድም።

ፊትን ነጥሎ የሚወስደው የፊት ኢምቤዲንግ ነው። ፊት የሚለይ ሞዴል ፊቱን ወደ 512 ቁጥሮች ይቀይረዋል፤ የአንድ ሰው ፎቶዎች ቁጥራቸው ይቀራረባል። IP-Adapter FaceID የሚባለው ተጨማሪ ደግሞ SDXL እነዚህን ቁጥሮች እየተከተለ እንዲስል ያደርገዋል። ከአምስት ፎቶዎቿ የወጡትን አማካይ ሰጠሁት። ክብደቱን 1 ሳደርገው ፎቶ ተቆርጦ ሥዕል ላይ የተለጠፈ መሰለ፤ 0.6 ላይ ተስማማኝ። የፊቷ ቅርጽ፣ ግንባሯ፣ ጉንጯ ተመለሰ። ጉዱ ግን አክስቴም እናቴን መሰለች! ኢምቤዲንጉ ምስሉን በሙሉ ስለሚነካ፣ ያገኘውን ፊት ሁሉ ወደ አንድ ሰው ይጎትታል።

ማስክ የገባው እዚህ ላይ ነው። ማስክ ማለት የሚሠራበት ቦታ ነጭ፣ የማይነካው ጥቁር የሆነ ምስል ነው። ለእያንዳንዷ የየራሷን ሠራሁና የእናቴን ቁጥሮች በእናቴ ላይ ብቻ ወሰንኳቸው። ከዚያ ዋናውን ሥራ ሠራሁ፦ በፊቱ ዙሪያ ያለውን ቦታ ከዋናው ፎቶ ቆርጬ ወደ 1024 አሳደግኩት፣ በ`strength` 0.4 ለብቻው ሳልኩት፣ መልሼም አሳንሼ ቦታው ላይ አስቀመጥኩት። 12 ነጥብ የነበረው ፊት አሁን ከ60 በላይ አገኘ። ከሁሉም በላይ ለውጥ ያመጣው ይሄ ነው፤ ደግሜ ብጀምር መጀመሪያ የማደርገው እሱን ነው። ማስኩን ግን ዓይንና አፍ ላይ ብቻ አታጥብቡት። እኔ አጥብቤው አገጯ ከአንገቷ ጋር አልገጥም አለ። አገጭንና የፀጉር መስመርን አካትቱ፣ ጠርዙንም አደብዝዙት፤ አለዚያ ስፌቱ ይታያል።

ውጤቱን በቁጥር ለመለካት የሥዕሉንና የፎቶውን ኢምቤዲንግ አነጻጸርኩ። መመሳሰሉ በጣም ጨምሯል። ወንድሜ ግን አሁንም አልረካም። በኋላ ገባኝ፤ የመራውና የዳኘው ያው አንድ መለኪያ ነው፤ ቁጥሩ መጨመሩ አይቀርም። ደግሞም ፊት የሚለይ ሞዴል የሚሠለጥነው ሰውዬው ቢስቅም ቢያረጅም እንዲለየው ነው። ስለዚህ ፈገግታንና መጨማደድን ችላ ማለት ሥራው ነው። እኛ ደግሞ እናታችንን የምናውቃት በእነሱ ነው።

ፍንጭቱን የመለሰው ሌላ ትንሽ ማስክ ነው። ከንፈሯንና ጥርሷን ብቻ ሸፍኜ፣ ኢምቤዲንጉን አጥፍቼ፣ ከዋናው ፎቶ በ0.25 ደገምኩት። ከዚያ ሥዕሉን የስልክ ስክሪን ላይ አሳንሼ፣ ምንም ሳልናገር ለወንድሜ አሳየሁት። «እማዬ!» አለ።

የአክስቴ ፊት ግን እስካሁን እንደ እናቴ አልሆነም። ያለኝ አንድ የጎን ፎቶዋ ብቻ ነው፤ ከእሱ የሚወጣው ኢምቤዲንግ ደካማ ነው። ለእሷ ኢምቤዲንጉን ትቼ ፊቷን በማስክ ብቻ፣ በ0.3 ሠራሁት። የብሩሹ አጣጣል ከእናቴ ያነሰ ነው፤ መልኳ ግን የራሷ ነው።