የቆመ ርዕስ ከየት ወዴት ይነበባል? (የስራ ገጠመኝ)

ባህር ዳር ነው፣ መስሪያ ቤቱን አልጠራም። በጣና ዙሪያ አሳ ከሚራገፍባቸው ቦታዎች የመጡ የድሮ መዝገቦች ስካን ተደርገው በፒዲኤፍ ተቀምጠው ነበር፣ ስራው እነሱን ወደ ኤክሴል መገልበጥ ነው። ሰንጠረዡ እንደዚህ ብዙም የሚያስፈራ አይደለም፤ ቀን አለ፣ ታንኳ ይሁን የሞተር ጀልባ የሚል አለ፣ ከዛ የሶስት አይነት አሳ ኪሎ ማለትም ቆሮሶ (ቲላፒያ የሚባለው)፣ አምባዛና ነጭ አሳ፣ መጨረሻ ላይ ድምር ኪሎና የተከፈለው ብር። የሶስቱ አሳ ኮለሞች ግን ጠባብ ስለሆኑ ስማቸው እንደሌላው ተኝቶ ሳይሆን ዞሮ በቁሙ ነው የታተመው፣ ጣጣው ሁሉ የመጣው ከዚች ነው።

ገልባጯ በኮንትራት የገባች ጎበዝ ልጅ ነበረች፣ እጇ ፈጣን ነው፣ ቁጥር ላይ ስህተት የላትም ማለት ይቻላል። መዝገቡ የመጣው በሁለት ዙር ስለነበር ለእያንዳንዱ ዙር የራሱን ሺት ከፍታ ርዕሱን ከስካኑ ላይ አንብባ ጻፈች፣ በኋላ ሁለቱን ሺቶች ሌላ ሰው በኮለም ስም እያገናኘ አንድ ፋይል አደረጋቸው። ሁሉም ሮው ላይ የሶስቱ አሳ ድምር ከድምር ኮለሙ ጋር ልክ ይመጣል፣ እኔም ራሴ ከየገጹ አንድ አንድ የአምባዛ ቁጥር እያነሳሁ ከስካኑ ጋር ሳስተያይ ሁሌ ትክክል ነበር። ያለቀ ነበር የመሰለን።

ፋይሉን ያስቆሙት ዕድሜያቸውን ከአሳ ጋር ያሳለፉ አንድ ጋሼ ናቸው። ኤክሴል አይነኩም፣ ፕሪንት አድርገን ነው የሰጠናቸው፣ መነጽራቸውን ከፍ አድርገው ትንሽ አዩና "ኧረ ልጄ፣ በክረምት ጉማራ አፍ ላይ ቆሮሶ እንዲህ ተዝቆ ነጭ አሳ የጠፋው በየትኛው ዓመት ነው?" አሉኝ። ነገሩ ለሚያውቀው ግልጽ ነው፣ የጣና ነጭ አሳ ክረምቱ ሲገባ እንቁላል ለመጣል ወደ ጉማራ፣ ርብና መገጭ ወንዞች ስለሚወጣ አጥማጁም መረቡን ወንዙ አፍ ላይ ይዘረጋለታል፣ ነሐሴና መስከረም ላይ ነጭ አሳ መብዛት ሲገባው በኛ ፋይል ግን የሁለተኛው ዙር መዝገብ ላይ ተገልብጦ ቁጭ ብሏል። የመጀመሪያው ዙር ደህና ነው።

ስካኑን ከልጅቷ ጋር ከፍተን ስናይ ሁለቱ ዙሮች ፎርማቸው አንድ አይደለም፣ ማተሚያ ቤቱ ተቀይሮ ይሁን እንጃ። በመጀመሪያው ፎርም የቆመው ጽሁፍ ከታች ወደ ላይ ነው የሚነበበው፣ ጭንቅላትህን ወደ ግራ ጋደም ታደርጋለህ። እሷ ጭንቅላቷን ከምታጣምም ገጹን ነው ያዞረችው፣ ወደ ቀኝ ሩብ ዙር (አክሮባት ላይ Ctrl+Shift++)። ገጽ ወደ ቀኝ ሲዞር የግራው ጫፍ ወደ ላይ ይመጣል፣ ስለዚህ ርዕሶቹ ተደርድረው ሲታዩ ከላይ ያለው የግራው ኮለም ነው፣ ከላይ ወደ ታች ስትጽፍ ከግራ ወደ ቀኝ እንደመጻፍ ሆነ፣ ትክክል። ሁለተኛው ፎርም ላይ ጽሁፉ ከላይ ወደ ታች ነው የሚወርደው፣ ስለዚህ ለማንበብ ገጹ ወደ ግራ መዞር አለበት፣ ያኔ ደግሞ ወደ ላይ የሚመጣው የቀኙ ጫፍ ነው! እሷ እንደለመደችው ከላይ ጀምራ ነጭ አሳ፣ አምባዛ፣ ቆሮሶ ብላ ርዕሱን ጻፈች፣ ገጹን ወደ ቦታው መለሰችና ቁጥሮቹን ከግራ ወደ ቀኝ ሞላች። ርዕሱ ተገልብጦ ቁጥሩ አልተገለበጠም።

ኮለሞቹ ሶስት ስለሆኑ ሲገለበጡ መሃለኛው ከቦታው አይነቃነቅም፣ እኔ አምባዛን እያየሁ ልቤ ያረፈው ለዚህ ነው። ድምሩም ቢሆን ቦታ ሲለዋወጡ አይቀየርም፣ እንዲህ አይነቱን ጥፋት ድምር በጭራሽ አይዝልህም። ሌላም ግራ የሚያጋባ ነገር ነበር፣ በዚህ ፎርም "ነጭ" እና "አሳ" በሁለት መስመር ስለተጻፉ ለዓይን አራት ርዕስ ይመስላሉ፣ ከላይ ወደ ታች በሚወርድ ጽሁፍ ደግሞ የመጀመሪያው መስመር በቀኝ፣ ሁለተኛው በግራ ነው የሚቀመጠው፣ ስለዚህ ከግራ ሲታይ አሳ ቀድሞ ነጭ ይከተላል። እዚህ ላይ የሚያዋጣው ጽሁፉን ሳይሆን የተሰመሩትን መስመሮች መቁጠር ነው፣ በሁለት መስመር መሃል ያለው ሁሉ አንድ ኮለም ነው።

ዓይናችንን ብቻ ማመን ስላልፈለግን በብሩ ፈተንነው። ገጹ አናት ላይ የኪሎ ዋጋ ተጽፏል፣ ለምሳሌ አንዱ ገጽ ላይ ቆሮሶ 8፣ አምባዛ 5፣ ነጭ አሳ 6 ብር። አንድ ሮው ላይ ስካኑ ከግራ ወደ ቀኝ 12፣ 7፣ 31 ይላል፣ የተከፈለው 317 ብር። የግራው ቆሮሶ ከሆነ 96 እና 35 እና 186፣ ልክ 317። እንደ ፋይላችን የግራው ነጭ አሳ ከሆነ ግን 72 እና 35 እና 248፣ 355 ይመጣል፣ አይገጥምም። በተዋሃደው ፋይል C ቆሮሶ፣ D አምባዛ፣ E ነጭ አሳ፣ G የተከፈለው ብር ስለሆነ ሁለት ኮለም ጨመርን፦

```
H2: =C2*8+D2*5+E2*6
I2: =E2*8+D2*5+C2*6
```

H ከG ጋር ከገጠመ ርዕሱ ልክ ነው፣ I ከገጠመ ተገልብጧል። ዋጋው በሌላ ገጽ ሲቀየር ቀመሩም ይቀየራል፣ የቆሮሶና የነጭ አሳ ዋጋ እኩል የሆነበት ገጽ ላይ ግን ሁለቱም ስለሚገጥሙ ይሄ መንገድ ምንም አይነግርህም፣ ያኔ ወደ ስካኑ ተመልሶ ጽሁፉ ወዴት እንደዞረ ማየት ብቻ ነው። የመጀመሪያው ዙር በH፣ ሁለተኛው ከጥቂት ሮው በቀር በI ገጠመ።

ማስተካከሉ ላይ አንድ ሰው "ሁለቱን ስም ማቀያየር አይደል እንዴ" ብሎ በተዋሃደው ፋይል ላይ ሊለውጠው እጁን ዘርግቶ ነበር፣ እንደዛ ቢደረግ ደህናውን የመጀመሪያ ዙር ይገለብጠው ነበር፣ ምክንያቱም እዛ ፋይል ላይ አንዱ ኮለም ውስጥ ልክ የሆነውም ያልሆነውም ተቀላቅሏል። የተዋሃደውን ተውነውና የሁለተኛውን ዙር ሺት ብቻ ከፍተን ቁጥር ሳንነካ የሁለቱን ርዕስ ስም ለወጥን፣ እዛው ላይ "ፎርም" እና "ገጽ" የሚሉ ኮለሞችም ጨመርን፣ ከዛ እንደገና አዋሃድን።

አሁን ሁሉም በH መግጠም አለበት ብለን ስናጣራ እነዛ ጥቂት ሮዎች ግን በተራቸው በI ገጠሙ። ገጹን ስናይ ሁሉም ከአንድ ገጽ ናቸው፣ ፎርሙ አዲሱ ነው፣ ግን መዝጋቢው በቆመው ርዕስ ላይ በእስክርቢቶ ሰርዞ ቆሮሶ የነበረውን ነጭ አሳ፣ ነጭ አሳውን ቆሮሶ አድርጎታል፣ ለምን እንደሆነ እሱ ይወቀው። የሱን ገጽ ቁጥሮች ብቻ በእጅ አቀያየርንና በማስታወሻ ኮለሙ ላይ "ርዕስ በእጅ የተቀየረ" ብለን አለፍነው።