አረንጓዴው ሳጥን ሲዋሽ፦ ለቅርንጫፍ ሥራ አስኪያጆች መሸኛ ስጽፍ የተማርኩት

የምሠራው ሐዋሳ ውስጥ፣ በአንድ የቁጠባና ብድር ተቋም ዋና መሥሪያ ቤት ነው። ከየቅርንጫፉ የሚመጣውን ሪፖርት የምሰበስበው እኔ ነኝ። ለ2016 የግማሽ ዓመት ሪፖርት አንድ ወጥ የኤክሴል ቅጽ እንዳዘጋጅና አሞላሉን የሚያስረዳ መሸኛ ጽፌ ለሥራ አስኪያጆቹ እንድልክ ታዘዝኩ። ቅጹንም ሠራሁ፣ መሸኛውንም ጻፍኩ። በሁለቱም አፍሬያለሁ። ያኔ አንድ ሰው ጠጋ ብሎ «ቀኑን ተጠንቀቂ» ቢለኝ ኖሮ ይህ ጽሑፍ አያስፈልግም ነበር።

ቀላሉን ቶሎ ልጨርስ። የቅርንጫፍ ስምና መለያ ቁጥር ከዝርዝር ይመረጣል። የካዝና ጥሬ ገንዘብና የቁጠባ ቀሪ ሒሳብ በእጅ ይሞላል። ግራጫ ሳጥን አይነካም። የአንድ ብር ልዩነት ከሳንቲም ማጠጋጋት ስለሚመጣ ቅጹ ያልፈዋል። ይህን ሁሉ ማንም አልተሳሳተም።

ጣጣው ያለው የብድር ዝርዝሩ ገጽ ላይ ነው። እያንዳንዱ ተበዳሪ በአንድ መስመር ይሞላል፤ ስም፣ ቀሪ ብድር፣ የመክፈያ ቀን። ቅጹ የመክፈያ ቀኑን ከሪፖርቱ ቀን ጋር አነጻጽሮ ስንት ቀን እንደዘገየ ያሰላል። ከ30 ቀን በላይ የዘገየው ተለይቶ ይደመራል። አለቆች መጀመሪያ የሚያዩት ቁጥር እሱ ነው።

ሦስት ማመሳከሪያ አስቀምጬ ነበር። የመጀመሪያው የብድር ዝርዝሩ ድምር ከሒሳብ መዝገቡ ጋር እኩል መሆኑን ያያል። ሁለተኛው ያልዘገየው፣ ትንሽ የዘገየውና ብዙ የዘገየው ሲደመሩ ጠቅላላውን ብድር መስጠታቸውን ያያል። ሦስተኛው የዚህ ዘመን መነሻ ካለፈው ዘመን መድረሻ ጋር መግጠሙን ያያል። ሲገጥም አረንጓዴ፣ ሳይገጥም ቀይ።

መሸኛዬ አራት ገጽ ነበር። «ቅጹ በጥንቃቄና በትክክል ተሞልቶ እንዲላክ እያሳሰብን» ብዬ ጀመርኩ። ስለ ቀን የጻፍኩት አንድ መስመር ብቻ ነው፦ «የመክፈያ ቀን በትክክል ይሞላ»። ትክክል ማለት ምን ማለት እንደሆነ አልጻፍኩም። የኢትዮጵያ ይሁን የፈረንጅ፣ አላልኩም። የሪፖርቱን ቀን ግን እኔው ራሴ ከላይ በፈረንጅ ሞልቼው ነበር፤ ታኅሣሥ 30 ቀን 2016ን ጃንዋሪ 9 ቀን 2024 ብዬ።

ሪፖርቶቹ መምጣት በጀመሩ በሁለተኛው ቀን፣ አሞራ ገደል ዓሣ ልበላ ወጥቼ ስልኬ ጮኸ። አንድ አንጋፋ ሥራ አስኪያጅ ናቸው።

«ስሚ የኔ ልጅ፣ ይሄ ቅጽሽ ሰባት ዓመት የዘገየ ብድር አለብህ ይለኛል።»

«ጋሼ፣ ምናልባት የቆየ ብድር ይሆናል።»

«ቅርንጫፉ ከተከፈተ ገና አራት ዓመቱ ነው እኮ!»

ዓሣው ቀዘቀዘ። ቢሮ ተመልሼ ፋይሉን ከፈትኩት። ብድሩ መከፈል የነበረበት ኅዳር 5 ቀን 2016 ነው። የብድር ኦፊሰሩ ውሉ ላይ እንዳየው 05/03/2016 ብሎ ጽፎታል። ኤክሴል ስለ ኅዳር ምንም አያውቅም። ኮምፒውተሮቻችን ደግሞ ከካርቶን እንደወጡ የአሜሪካ አጻጻፍ ላይ ናቸው፤ ወር ይቀድማል፣ ቀን ይከተላል። ስለዚህ ሜይ 3 ቀን 2016 ብሎ አነበበው፤ በፈረንጅ። ከዚያ እስከ ሪፖርቱ ቀን 2,807 ቀን አለ። እውነተኛው መዘግየት 55 ቀን ነበር።

እዚህ ላይ ችግሩን ያገኘሁት መሰለኝ። ትልልቅ ቁጥር ያለባቸውን ቅርንጫፎች እየደወልኩ አሳረምኩ። አንድ ቀን ሙሉ ስልክ ላይ ዋልኩ። ደስ ብሎኝ ወደ ቤቴ ሄድኩ። ያን ደስታ ሳስታውሰው እስከ ዛሬ ያበሽቀኛል፤ ምክንያቱም የሚጮኸውን ብቻ ነበር ያረምኩት። ዝም ያለው እዚያው ተቀምጧል።

ዝም ያለው የትኛው ነው? ጥቅምት 30 ቀን 2016ን ውሰዱ። ኦፊሰሩ 30/02/2016 ብሎ ይጽፋል። ኤክሴል 30ኛ ወር የሚባል ነገር ስለማያውቅ ቀን አድርጎ አይቀበለውም፤ እንደ ስም፣ እንደ ተራ ጽሑፍ ያስቀምጠዋል። እኔ የመዘግየቱን ቀን የማሰላው በዚህ ነበር፦

```
=IF(F12<$C$3,$C$3-F12,0)
```

ኤክሴል ጽሑፍን ከቁጥር ጋር ሲያነጻጽር ጽሑፉን ሁልጊዜ ይበልጣል ብሎ ነው የሚቆጥረው። ስለዚህ «የመክፈያ ቀኑ ከሪፖርቱ ቀን በፊት ነው?» ተብሎ ሲጠየቅ «አይደለም» ይላል። መልሱ 0 ይሆናል። ድፍን 60 ቀን የዘገየ ብድር፣ ምንም እንዳልዘገየ ሆኖ ቁጭ ይላል። ስህተት የሚል መልእክት የለም። ማመሳከሪያዎቹስ? ሦስቱም አረንጓዴ ናቸው። ገንዘቡ አልተነካማ! ብድሩ «ያልዘገየ» በሚለው ውስጥ ተደምሮ ጠቅላላው ልክክ ብሏል።

አሁን ወሩን በሙሉ አስቡት። ከ1 እስከ 12 ያለው ቀን በተሳሳተ ዓመት ይነበባል፣ ይጮኻል። ከ13 እስከ 30 ያለው ጽሑፍ ይሆናል፣ ዝም ይላል። ዝም የሚለው ከግማሽ ይበልጣል። ያ «የሰባት ዓመት» ቅርንጫፍ 212 ብድር ነበረው፤ እኔ አርሜ ጨረስኩ ባልኩበት ሰዓት 127ቱ ጽሑፍ ነበሩ። ይባስ ብሎ በዚያ ዙር ውዝፍ የለብንም ብለው ምስጋና የተጻፈላቸው ቅርንጫፎች ቀኑን በኛ አቆጣጠር የሞሉት ናቸው። በፈረንጅ አስተካክለው የሞሉት «ውዝፍ አብዝታችኋል» ተብለው ማብራሪያ ተጠየቁ። የማብራሪያ መጠየቂያውን ያረቀቅኩት እኔ ነኝ።

«ቀን ያልሆነ ነገር እንዳይገባ አልከለከልሽም ወይ?» ትሉኝ ይሆናል። ከልክያለሁ። በጣት ሲጻፍ ቅጹ ይመልሰዋል። ግን 212 መስመር በጣት የሚጽፍ ማን አለ? ሁሉም ከራሱ ፋይል ኮፒ አድርጎ ለጠፈ። ሲለጠፍ ክልከላው አይሠራም፤ ጭራሽ ራሱ ክልከላው ይጠፋል። ይህን መሸኛው ላይ አለመጻፌ ጥፋቴ ነው።

ሌላ ጥፋትም አለ፣ የምር የሚያናድደኝ እሱ ነው። ኤክሴል እውነተኛ ቀንን ወደ ቀኝ ያስጠጋል፣ ጽሑፍን ወደ ግራ። ማንም ሰው በአይኑ አምዱን ቁልቁል ቢያይ የትኛው እንደተበላሸ ይለያል። እኔ ግን እንዲያምር ብዬ አምዱን በሙሉ መሃል ላይ አሰልፌው ነበር።

አለቃዬ ነገሩን ስነግራቸው ሁለት መመሪያ ሰጡ። አንደኛ፣ ሁሉም በፈረንጅ ቀን ይሙላ። ሁለተኛ፣ ቀይ ያለበት ሪፖርት አትቀበዪ። በሁለቱም አልስማማም፤ ፊት ለፊትም ብያቸዋለሁ።

ውሉም ደረሰኙም የተጻፈው በኛ አቆጣጠር ነው። እያንዳንዱ ኦፊሰር በስልኩ እያየ ወደ ፈረንጅ ይቀይር ማለት፣ ስህተቱን ከአንድ ቦታ አንስቶ መቶ ቦታ መበተን ነው። ደግሞ አንድ ቀን ቢሳሳት ማንም አያየውም። ስለዚህ ቀኑን በሦስት አምድ ከፈልኩት፤ ቀን በF፣ ወር በG፣ ዓመት በH። ሁሉም ተራ ቁጥር ነው። ውሉ ላይ ያለውን እንዳለ መገልበጥ ነው። ወደ ፈረንጅ የሚቀይረው ቅጹ ነው፦

```
=365*(H12-1)+INT(H12/4)+30*G12+F12-690829
```

ጥቅምት 30 ቀን 2016ን አስገቡበት፤ 45240 ይላል። ሳጥኑን የቀን መልክ ስትሰጡት ኖቬምበር 10 ቀን 2023 ይሆናል። ጳጉሜን ስድስት የምትሆንበትን ዓመትም በትክክል ይቆጥራል። አራተኛ ማመሳከሪያም ጨመርኩ፤ የተሞላውን ሳጥን ሁሉ ቆጥሮ ቁጥር የሆነውን ይቀንሳል። ከዜሮ ሌላ ከሆነ ይቀላል፦

```
=COUNTA(F12:H511)-COUNT(F12:H511)
```

ቀይ አትቀበዪ የሚለውን በተመለከተ የቅርንጫፍ ሰው ሞኝ አይደለም። ቀይ ካለ ይመለስብኛል ካለ አረንጓዴ ያደርገዋል። አንዱ «ልዩ ልዩ» የሚለው መስመር ላይ 4,317.25 ብር ጽፎ ልዩነቱን ደፈነው። ምንድነው ስለው «የጎደለው ነዋ» አለኝ፣ በቅንነት። ስለዚህ እኔ ከነቀዩ ላኩ ነው የምለው። ግን ከጎኑ አንድ መስመር ምክንያት ጻፉ።

ሁለተኛው መሸኛ አንድ ገጽ ሆነ። «በትክክል ይሞላ» የሚል ቃል የለበትም። የቀኑ ክፍል እንዲህ ነው የሚለው፦

«የመክፈያ ቀኑን ውሉ ላይ እንዳለው ሙሉ። ለምሳሌ ጥቅምት 30 ቀን 2016 ከሆነ 30፣ ከዚያ 2፣ ከዚያ 2016። ወደ ፈረንጅ አትቀይሩ። ከሌላ ፋይል ስታመጡ ዝም ብላችሁ አትለጥፉ፤ የቀኙን ቁልፍ ተጭናችሁ Paste Values የሚለውን ምረጡ። አራተኛው ማመሳከሪያ 3 ካለ፣ ሦስት ሳጥን ውስጥ ቁጥር ያልሆነ ነገር አለ ማለት ነው፤ ወደ ግራ የተጠጋውን ፈልጉ። ይህ ማመሳከሪያ የማያየው ነገር፦ ጥቅምትን ኅዳር ብላችሁ ብትጽፉ አያውቅም። ስለዚህ ከመላካችሁ በፊት አምስት ውል አውጡና ከቅጹ ጋር አስተያዩ።»

«የማያየው ነገር» የሚለውን አለቃዬ ሊያስወጡት ነበር፤ ድክመታችንን ለምን እንናገራለን ብለው። እዚያ ላይ ድርቅ አልኩ። ሥራ አስኪያጁ አረንጓዴውን አይቶ እጁን የሚያጥበው ሳጥኑ ሁሉን ያያል ብሎ ሲያምን ነው። በኋላ ሥር ሥር ሄጄ አስፈረምኳቸው።

በሚቀጥለው ዙር ቅጹ ላይ አንድ ነገር ጨመርኩ፤ ከጳጉሜን የሚያልፍ ቀን ሲገባ ይቀላል። ያ ባይኖር ቀመሩ ጳጉሜን 6 ቀን 2016ን ዝም ብሎ መስከረም 1 ቀን 2017 ያደርገዋል፤ 2016 ላይ ጳጉሜን አምስት ብቻ ናትና። ከመጡት ሪፖርቶች አንዱ ብቻ ቀይ ነበረበት፤ የኚያው የሰባት ዓመቱ ጋሼ። ከጎኑ በተፈቀደላቸው አንድ መስመር እንዲህ ብለዋል፦ «ውሉ ላይ ጳጉሜን 6 ነው የሚለው። ውሉን የጻፍኩት እኔ ነኝ።»