የእማዬ ጀርባ በቴሌግራም

እንግሊዝ አገር በአረጋውያን መንከባከቢያ ነው የምሠራው። ማንሳት፣ ማጠብ፣ ማገላበጥ ነው ሥራው። ገና ስንቀጠር ከሚያስተምሩን ነገር አንዱ የአልጋ ቁስል ቆዳ ሳይከፍት እንዴት እንደሚያዝ ነው። አጥንት የሚጎላበትን ቦታ ታያለህ፤ ወገብ ሥር፣ ዳሌ፣ ተረከዝ። ቀልቶ ካገኘኸው በጣትህ ትጫነዋለህ። ጣትህን ስታነሳ ቦታው ነጥቶ እንደገና ከቀላ ደሙ ይዘዋወራል ማለት ነው። ተጭነኸውም ሳይነጣ ቀይ ሆኖ ከቀረ ግን ከሥር ጉዳት ጀምሯል። በስልጠናው የታየን ፎቶ ሁሉ የነጭ ሰው ጀርባ ነበር።

እኔ የዳንግላ ልጅ ነኝ። ቤተሰባችን ጠይም ነው፤ እማዬ ደግሞ ከሁላችንም ትጠቁራለች። ያ ፎቶ ለእሷ ጀርባ የሚሆን አልነበረም።

ምክንያቱ ምሥጢር አይደለም። ቆዳችንን የሚያጠቁረው ሜላኒን ያለው ላይኛው ሽፋን ላይ ነው። ደም ሥሮቹ ከእሱ በታች ናቸው። ቀይ ቀሚስ በስስ ነጠላ ሥር ይታያል፤ በጥቁር ካባ ሥር ግን ማን ያየዋል? ደሙ በእኛም ቆዳ ሥር ያው ይሰበሰባል። ወደ ውጭ የሚወጣው መልክ ነው የሚለየው። ጠይም ሰው ላይ ቡናማ ወይም ወይን ጠጅ ቢጤ ይሆናል። በጣም ጥቁር ሰው ላይ ግራጫ ሊመስል ይችላል፤ አለዚያም ከዙሪያው ትንሽ ጠቆር ብሎ ብቻ ይታያል። በጣት ተጭኖ ነጣ አልነጣ ብሎ ማየትም ብዙ ጊዜ አይሠራም፤ ሲነጣ የሚታይ ነገር የለማ!

ይህን ያስተማሩኝ ከጃማይካ የመጡ አንዲት እናት ናቸው። መዝገባቸው ላይ በየቀኑ «ቆዳቸው ደህና ነው» ተብሎ ይጻፍ ነበር። እሳቸው ደግሞ «ወገቤን አቃጠለኝ» ይሉ ነበር። ከዚያ ቆዳው ተከፈተ። አንዲት የቆየች ነርስ ተቆጥታ ሰበሰበችንና እጃችን ላይ ያለውን ጓንት አስወለቀችን። «በዓይን የማይታየውን ዳስሱት» አለች። ቆዳ ካልተከፈተና ካልረጠበ እጅን ታጥቦ ያለ ጓንት መዳሰስ ይቻላል።

ባለፈው ክረምት እማዬ ደጅ ላይ ጭቃ አዳልጧት ወደቀች። የዳሌዋ አጥንት ተሰበረ። ባሕር ዳር ታክማ ወደ ቤት ተመለሰችና ጠፍር አልጋዋ ላይ ዋለች። በወደቀችበት ጎን አንድ ሰው እንኳ «በልዟል» ያለ አልነበረም። እዚህ ነጮቹ ሲወድቁ ጎናቸው መጀመሪያ ይቀላል፣ ይጠቁራል፣ በኋላ አረንጓዴና ቢጫ ይሆናል። ደሙ ከሥር እየፈረሰ ነው ቀለሙን የሚቀያይረው። እማዬ ላይ ግን የታየው እብጠት ብቻ ነው። ስትነካ ደግሞ ትጮሃለች።

ታናሽ እህቴ ናት የምታስታምማት። በቴሌግራም ስደውልላት «እትዬ፣ ጀርባዋን አይቼዋለሁ፣ ምንም የለውም» አለችኝ። ካሜራውን አዙራ አሳየችኝ። እውነትም ምንም አይታይም። የስልክ ካሜራ ጥቁር ቆዳን ለማብራት ሲታገል የቀረችውን ትንሽ የቀለም ልዩነት ይበላታል። የመብራቱ ጨረር ሲጨመርበት ደግሞ ቆዳው ማብረቅረቅ ብቻ ይሆናል።

«ስልኩን ተይውና በሩን ክፈቺ» አልኳት። የቀን ብርሃን ያስፈልጋል። አልጋውን ወደ በሩ አዞሩት። በንጹህ እርጥብ ጨርቅ ቦታውን ቀስ ብላ እንድትጠርገው ነገርኳት፤ ደረቅና አመዳም ቆዳ መልኩን ይደብቃል። ቅባት ወይም ዱቄት ካለበትም መነሳት አለበት። ከዚያ በጎኗ አስተኝተዋት ግማሽ ሰዓት ያህል እንዲጠብቁ አደረግሁ። ማንኛውም ሰው ወዲያው ሲነሳ የተኛበት ጎን ይሞቃል፤ ጤነኛው ሙቀት በዚያ ጊዜ ውስጥ ይጠፋል።

ቀጥሎ የእጇን ጀርባ ወገቧ ሥር አስደረግኋት። የእጅ መዳፍ በሥራ ስለሚደድር ሙቀትን በደንብ አይለይም። «አሁን ደግሞ ትከሻዋን ንኪ። ልዩነት አለው?» ስላት ዝም አለች። ሁለት ሦስቴ እያፈራረቀች ነካች።

«ታችኛው ይሞቃል» አለች። «ደግሞ ጠጠር ብሏል፤ ቆዳው የተወጠረ ነው።»

እማዬን ጠየቅናት። «ከትናንት ወዲያ ጀምሮ እኮ ያቃጥለኛል፤ ማን ይሰማኛል!» አለች።

በብርሃኑ ሲያዩት ደግሞ ከእጅ መዳፍ ያነሰ፣ ከዙሪያው ጠቆር ያለና ወደ ወይን ጠጅ የሚያደላ ምልክት ነበረው። ነጭ ሴት ብትሆን ኖሮ ገና ከበሩ ቀይ ሆኖ ይጮህ ነበር። ሙቀት፣ ጥንካሬ፣ ሕመም፤ ሦስቱም አንድ ቦታ ላይ ከተገናኙ መቅላቱን መጠበቅ አያስፈልግም።

ተረከዟንም አየን። የእግር መርገጫ ቀለሙ ፈዛዛ ስለሆነ እዚያ መቅላት የተሻለ ይታያል። ተረከዙ ጎን ላይ ጥቁሩ ቆዳ ሲጀምር ግን ይጠፋል። እዚያም በእጅ ነው የሚገኘው። የእሷ ደህና ነበር።

ሕክምናው በዚህ ደረጃ ከባድ አይደለም፤ ጫናውን ማንሳት ነው። ጠፍሩ ላይ ወፍራም ፍራሽ አደረጉ። በየሁለት ሰዓቱ እንዲያገላብጧት ተስማማን፤ ሙሉ በሙሉ በተሰበረው ጎኗ ላይ ሳይሆን ከኋላዋ ትራስ ተደርጎ ጋደም ብላ። ከባቷ ሥር ትራስ ገባና ተረከዟ አየር ላይ ቀረ። ፍራሹ ሽንት ሲነካው ወዲያው ይለወጣል። ጎረቤታችን እማሆይ ቅቤ ይዘው መጥተው ሊያሹላት ነበር። «እማሆይ፣ ቅቤውን ለፀጉሯ አድርጉላት፤ ወገቧን ግን አትሹት» አልኳቸው። ከሥር የተጎዳ ሥጋን ማሸት ይበልጥ ይጎዳዋል። ቀለበት ሠርቶ መሃሉን ክፍት ማድረግም አይጠቅም። ጫናው ቀለበቱ ላይ ይከማቻል።

እህቴን አንድ ነገር ብቻ አስጠነቀቅኋት። ያ ጠጣር ቦታ ረግረግ ብሎ ከለሰለሰ፣ መልኩ በጣም ከጠቆረ፣ ደም የቋጠረ ነገር ካወጣ ወይም ሞቆ የነበረው ከዙሪያው ከቀዘቀዘ፣ ጉዳቱ ከጥልቅ ነውና ሳትደውይልኝ ወደ ሐኪም ሂዱ አልኳት። በዳሰሳም ቢሆን ሁሉም አይያዝም። እጇ ከውኃ ሥራ ከመጣ ይቀዘቅዝና ሁሉ ነገር ሞቃት ይመስላታል። እማዬ ትኩሳት ካላት ደግሞ መላ አካሏ ይሞቃል። ስለዚህ ነው ሁልጊዜ ከሌላ የራሷ ቦታ ጋር የሚነጻጸረው።

መጀመሪያ ሙቀቱ ሄደ። ሕመሙ ቀነሰላት። ጥንካሬው ትንሽ ቆይቶ ለቀቀ። እህቴ ግን አሁንም እየደወለች «ጥቁሩ አልጠፋም እኮ፣ አልዳነችም?» ትለኛለች። የእኛ ቆዳ ከተቆጣ በኋላ ጠባሳ መሳይ ጥቁረት ትቶ ለወራት ይቆያል፤ ሽፍታም ቢሆን፣ የትንኝ ንክሻም ቢሆን። ነጩ ላይ መቅላቱ ሲጠፋ ዳነ ይባላል። የእማዬን መዳን በመልኩ መለካት አይሆንም። «ትከሻዋን ንኪ፣ ከዚያ ወገቧን ንኪ» እላታለሁ። «አንድ ነው» ትላለች። ማገላበጡን ግን እንዳታቆም ነግሬያታለሁ፤ እማዬ ገና በእግሯ አልቆመችም።