68 ተማሪ፣ አንድ ቧንቧ፦ የእጅ መታጠብ ትምህርቴ የተበላሸበት ቦታ

ለ3ኛ ክፍል ስለ እጅ መታጠብና ስለ ንጽህና አጠባበቅ ያወጣሁት የ40 ደቂቃ የትምህርት ዕቅድ በወረቀት ላይ እንከን አልነበረውም። ከመጸዳጃ ቤት መልስና ከምግብ በፊት ለምን እንደምንታጠብ ያስረዳሁበት ክፍልም በደህና አልፏል። የተበላሸው የተግባር ልምምዱ ነው።

በዓይን የማይታየውን ጀርም በምሳሌ ለማሳየት የከሰል ዱቄት በምግብ ዘይት ለውሼ የ68ቱንም ልጆች መዳፍ አስቀባሁ። ዘይት ያለበት እድፍ በውሃ ብቻ አልለቅ ብሎ በሳሙና ሲለቅ ልጆቹ ልዩነቱን ራሳቸው ያዩታል። ዘዴውን ዛሬም አልተውኩትም፤ የረሳሁት ማካፈልን ነው። ለልምምዱ የመደብኩት 15 ደቂቃ ለ68 ሲካፈል ለአንድ ልጅ 13 ሰከንድ ይደርሰዋል፤ በሳሙና ማሸቱ ብቻውን ግን 20 ሰከንድ ይፈልጋል። የነበረኝም ቧንቧ የተገጠመለት አንድ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ነበር። 11ኛዋ ልጅ አውራ ጣቷን እያሸች ሳለ የዕረፍት ደወል ተደወለ፤ 57ቱ ጥቁር እጃቸውን ይዘው ወጡ። በመስኮት ስመለከት አንዱ ዳቦውን በዚያው እጁ ቆርሶ ለጓደኛው ሲሰጠው የጣቶቹ ምልክት ዳቦው ላይ ቁልጭ ብሎ ይታይ ነበር። ትምህርቱን ሊታዘብ የመጣው ሱፐርቫይዘር ግን «የተግባር ልምምድ ተከናውኗል» በሚለው ላይ ምልክት አድርጎ ሄደ፤ ስንቱ እንደታጠበ አልጠየቀም። ንዴቱ እስካሁን አልወጣልኝም፤ ዕቅዱን የጻፍኩት ግን እኔ ነኝ።

በሌላኛው ሴክሽን ስደግመው ክፍሉን በ4 ቡድን ከፍዬ ለየቡድኑ አንድ ባለ 2 ሊትር ሃይላንድ በገመድ ሰቀልኩ። ጠርሙሱ ከሥሩ አጠገብ በጋለ ቀጭን ሚስማር ከተበሳ ክዳኑ ሲላላ ውሃው ይወርዳል፣ ሲጠብቅ ይቆማል። የመጀመሪያውን በወፍራም ሚስማር ስለበሳሁት ክዳኑን ባጠብቀውም መፍሰሱን አላቆመም። ክዳኑን የሚይዘው እጁ ንጹህ የሆነ አንድ ልጅ ብቻ ነው። ማሸት ውሃ ስለማይፈልግ እያንዳንዱ ልጅ እጁን አርጥቦና ሳሙና ነክቶ ከሰልፉ ይወጣል፤ 20 ሰከንዱን ሁሉም ጮክ ብለው አብረው ይቆጥራሉ፤ ወደ ጠርሙሱ የሚመለሰው ለመለቅለቅ ብቻ ነው። በዚህ አካሄድ ያው አንዱ ጀሪካን ጠርሙሶቹን ለመሙላት በቃ፤ ጊዜውም ተረፈ።

የዕቅድ ቅጹ ሁሉም ተማሪ በሁሉም ተግባር እንዲሳተፍ ያዛል። እኔ ግን ከሰሉን ከየቡድኑ አንድ ልጅ ብቻ ይቀባ እላለሁ፤ ሌሎቹ ጥቁሩ በጥፍር ሥር፣ በጣቶች መካከልና በአውራ ጣት ዙሪያ እንዴት እንደሚቀር ቀርበው ካዩ በኋላ የየራሳቸውን እጅ ይታጠቡ።

ጠርሙሶቹን በኋላ ከመጸዳጃ ቤቱ ደጃፍ ሰቀልናቸው። ደረቁ ሳሙና በሦስተኛው ቀን ጠፋ፤ አሁን የዱቄት ሳሙና በውሃ በጥብጬ ክዳኑ በተበሳ ጠርሙስ አስቀምጣለሁ፤ እሱን የሚሰርቅ እስካሁን አልተገኘም።