ኢላይዛና ፍሎው ሳይቶሜትሪ፦ ማንዋሉ በአንድ መስመር የሚያልፈው ደረጃ

ከአንድ ሰው ክንድ ሁለት ቱቦ ደም ይቀዳል። አንደኛው ቱቦ ውስጥ ደሙ እንዲረጋ ይተዋል፤ ሴረሙ ተለይቶ ወደ ኢላይዛ ይሄዳል። ሁለተኛው ደም እንዳይረጋ የሚያደርገው ኢዲቲኤ ያለበት ነው፤ ደሙ ሳይረጋ፣ ሴሎቹ እንዳሉ ወደ ፍሎው ሳይቶሜትሪ ይገባል። ልዩነቱ ሁሉ ከዚህ ይጀምራል። ሴረም ውስጥ ሴል የለም፤ ስለዚህ ኢላይዛ የሚነግረን ሴሎቹ ሠርተው የለቀቁትን አንቲቦዲ ብቻ ነው። ፍሎው ደግሞ ሴሎቹን ራሳቸውን አንድ በአንድ ይቆጥራል፤ ምን ያህል አንቲቦዲ እንደተመረተ ግን አይናገርም። ብዙ ተማሪ ሁለቱም «የመከላከል አቅምን ይለካሉ» ብሎ ጽፎ ያልፋል፤ ይህ ዓረፍተ ነገር ምንም አያስረዳም።

የኢላይዛውን አሠራር ባጭሩ ልጨርሰው። ባለ 96 ጉድጓድ ፕሌት ላይ አንቲጅኑን 100 ማይክሮ ሊትር አድርጌ ሌሊቱን በ4 ዲግሪ አሳድራለሁ። አጥቤ ባዶ የቀረውን የፕላስቲክ ገጽ በፕሮቲን እሸፍነዋለሁ። ከዚያ 1 ለ100 የቀጠነ ሴረም፣ ከዚያ ኤንዛይም የተያያዘበት ፀረ ሰው አይጂጂ፣ በመጨረሻም ኤንዛይሙ ወደ ቀለም የሚቀይረው ቲኤምቢ። ቀለሙ ሰማያዊ ይሆናል፤ አሲድ ሲጨመር ወደ ቢጫ ይቀየራል፤ በ450 ናኖ ሜትር ይነበባል። በየመሀሉ 0.05 በመቶ ትዊን ባለው ፒቢኤስ ይታጠባል። ባዶው ጉድጓድ ሁሉ ቀለም ካወጣ መጀመሪያ የምጠረጥረው እጥበቱን ነው። አዎንታዊ መቆጣጠሪያው ጭምር ነጭ ሆኖ ከቀረ ደግሞ መፍትሔው ውስጥ ሶዲየም አዛይድ እንዳለ አያለሁ፤ አዛይድ ባክቴሪያ እንዳይበቅል ተብሎ ይጨመራል፣ ነገር ግን ቀለሙን የሚያወጣውን ኤንዛይም፣ ፔሮክሲዴዝን፣ ይገድለዋል።

ንባቡ ምን ይላል? «ይህን አንቲጅን የሚይዝ አይጂጂ እዚህ ሴረም ውስጥ አለ» ይላል፤ ማን እንደሠራው አይልም። ኤችአይቪ ካለባት እናት የተወለደ የ9 ወር ሕፃን ጥሩ ምሳሌ ነው። ኢላይዛው አዎንታዊ ሊሆን ይችላል፤ አይጂጂ የእንግዴ ልጅን አልፎ ከእናት ወደ ልጅ ስለሚሻገር ፕሌቱ ላይ የሚታየው የእናትየው አንቲቦዲ ሊሆን ይችላል። ከ18 ወር በታች ያለ ሕፃን በአንቲቦዲ ምርመራ ብቻ ተይዟል የማይባለው በዚህ ምክንያት ነው፤ የቫይረሱ ዘረ መል መፈለግ አለበት። በተቃራኒው ገና የተያዘ አዋቂ፣ አንቲቦዲው እስኪደርስ ድረስ ነጭ ጉድጓድ ያሳያል።

ፍሎው ላይ ሴሎቹ በፈሳሽ ተሸክመው በቀጭን መስመር አንድ በአንድ በሌዘር ፊት ያልፋሉ። ወደ ፊት የሚበተነው ብርሃን ስለ ሴሉ መጠን፣ ወደ ጎን የሚበተነው ስለ ውስጡ ቅንጣቶች ይናገራል። ገጹ ላይ የተለጠፈው ባለ ቀለም አንቲቦዲ ደግሞ የሴሉን ማንነት ያሳያል። የረዳት ቲ ሴል መለያ የሆነውን ሲዲ4 ለመቁጠር 100 ማይክሮ ሊትር ደም ላይ የቲ ሴል ሁሉ መለያ የሆነውን ሲዲ3 የሚይዝ አንቲቦዲ በኤፍአይቲሲ ቀለም፣ ሲዲ4 የሚይዘውን በፒኢ ቀለም ጨምሬ 20 ደቂቃ በጨለማ አቆየዋለሁ፤ ቀይ ሴሎቹን 2 ሚሊ ሊትር ማፍረሻ ጨምሬ በ10 ደቂቃ አፈርሳለሁ፤ አጥቤ አነባለሁ። እስከዚህ ድረስ ማንም አይሳሳትም።

የሚበላሸው ኮምፐንሴሽን ላይ፣ ማለትም ከአንዱ ቀለም ወደ ሌላው ማሳያ የፈሰሰውን ብርሃን ቀንሶ ማረሙ ላይ ነው፤ ማንዋሎች «የሴሎቹ ስብስብ ቀጥ እስኪል ያስተካክሉ» ብለው በአንድ መስመር ማለፋቸው እስከ ዛሬ ያናድደኛል። ኤፍአይቲሲ 520 ናኖ ሜትር አካባቢ፣ ፒኢ 578 አካባቢ ያበራሉ፤ ሁለቱንም አንድ 488 ሌዘር ያነቃቸዋል። የኤፍአይቲሲ ብርሃን ጫፉ ረጅም ስለሆነ ወደ ፒኢ ማሳያ ይፈስሳል። ስለዚህ ሲዲ4 የሌለው ቲ ሴል ፒኢ ያለው መስሎ ይታያል።

በቁጥር እንየው። ኤፍአይቲሲ ብቻ የተቀባ ቱቦ አንብበን፣ የተቀቡት ሴሎች መካከለኛ ዋጋ በኤፍአይቲሲ 10,000፣ በፒኢ 2,100 ሆነ እንበል። ያልተቀቡት ደግሞ 100 እና 80 ናቸው። የፈሰሰው መጠን 2,100 ሲቀነስ 80፣ ማለትም 2,020፣ ለ9,900 ሲካፈል ነው፤ 20.4 በመቶ። ትክክለኛው እርማት ይህ ነው፤ የተቀቡትና ያልተቀቡት የፒኢ መካከለኛ ዋጋቸው እኩል ይሆናል። በዓይን እያየ «ቀጥ ይበል» ያለ ሰው ግን 30 በመቶ ያስገባል። በዚያ ጊዜ የተቀቡት 2,100 ሲቀነስ የ10,000 30 በመቶ የሆነው 3,000 ይሆኑና ከዜሮ በታች ይወርዳሉ። በተራ ሎግ ስዕል ላይ ከዜሮ በታች ቦታ ስለሌለ ሴሎቹ ጠርዙ ላይ ተደፍጥጠው ይከማቻሉ፤ ስዕሉ በጣም ንጹሕ ይመስላል። ንጹሕነቱ ነው የሚያታልለው፤ ሁለቱንም ቀለም በደካማው የያዙ ሴሎች አብረው ተቀብረዋልና። ጠርዝ ላይ የተጣበቀ የሴል ክምር ካያችሁ እርማቱ በዝቷል ብላችሁ ጠርጥሩ።

ስለዚህ ዓይንን ትቼ መካከለኛ ዋጋን እከተላለሁ። ባለ አንድ ቀለም ቱቦው ከናሙናው ቢያንስ እኩል መድመቅ አለበት፤ ደካማ ከሆነ ልዩነቱ ትንሽ ስለሚሆን ስሌቱ ይዋዥቃል። ከዚያ በኋላ የማሳያውን ቮልቴጅ መንካት የለም፤ ከተነካ ቱቦዎቹ ሁሉ እንደገና ይነበባሉ። ዒላማ የሌለው አንቲቦዲ የሚጨመርበትን አይሶታይፕ መቆጣጠሪያን በተመለከተ ከብዙ መመሪያዎች እለያለሁ፦ ጌት፣ ማለትም የሚቆጠሩትን ሴሎች የሚለየውን ድንበር፣ ለመሥራት አልጠቀምበትም። ድንበሩን የማሰምረው፣ ሌሎቹ ቀለሞች ሁሉ ገብተው የምፈልገው አንዱ ብቻ በቀረበት ቱቦ ነው፤ የፍሰቱን ስፋት የሚያሳየው እሱ ነውና።

ሌላ ወጥመድም አለ። ሞኖሳይቶችም ሲዲ4 በደካማው ይይዛሉ። ሲዲ4ን ብቻ ቆጥሮ የሄደ ሰው የቲ ሴሉን ቁጥር ያሳብጠዋል። ሲዲ3 የምጨምረው ለዚህ ነው፤ ሞኖሳይት ሲዲ3 የለውም፣ ወደ ጎን የሚበትነው ብርሃንም ከሊምፎሳይት ይበልጣል።

በመቶኛ የወጣው ውጤት ወደ ቁጥር ሲለወጥ፦ ነጭ ሴል በማይክሮ ሊትር 6,000፣ ሊምፎሳይት 30 በመቶ፣ ከዚያ ውስጥ ሲዲ4 ቲ ሴል 40 በመቶ ከሆነ 720 ነው። ይህን 720 ከአውሮፓ መጽሐፍ ላይ ካለ መደበኛ ክልል ጋር ብቻ አስተያይቶ መፍረድ አይገባም፤ ጤነኛ ኢትዮጵያውያን አዋቂዎች አማካይ የሲዲ4 ቁጥራቸው ከአውሮፓውያን ዝቅ እንደሚል ጥናቶች አሳይተዋል። በአንድ ሰው ውስጥም ቁጥሩ ጠዋት ዝቅ፣ ማታ ከፍ ይላል። ሁለት ቀጠሮ ላይ የተለካ ሲዲ4 የሚነጻጸር ከሆነ ደሙ በተመሳሳይ ሰዓት ይቀዳ፤ ሰዓቱም ቱቦው ላይ ይጻፍ።