ከልጄ ቃላት አንዱን ብቻ መርጬ የጻፍኩት ደብዳቤ

ለልጄ ደብዳቤ ልጽፍ ስነሳ፣ ከጓደኞቹ ጋር ሲያወራ የሰማኋቸውን ቃላት መጀመሪያ ወረቀት ላይ አሰፈርኳቸው። «ነፍ»፣ «ላሽ በል»፣ «ጀለስ» ጆሮዬን ቢጎረብጡትም ማንንም አይነኩምና ተውኳቸው። «ሼባ»ም አባቱ እስካልሰማ ይለፍ። «ፋራ»ና «ሰገጤ» ከገጠር መጥቶ ደሴ ቤት ተከራይቶ የሚማር ልጅ አጠገባቸው ካለ ይከብዳሉ፤ እነሱን ግን ለሌላ ቀን አቆየሁ። አምስት ቃል አንድ ላይ ከተጻፈ ልጅ ቁጣውን እንጂ ምክንያቱን አያነብም።

የመረጥኩት በረኛ ኳስ ሲያመልጠው የሚጮኹትን ነው፦ «አንተ ቆማጣ!»

ዋናው ክፍል ይህ ነው፦

«የኔ ጌታ፣ በረኛችሁ ጣቶቹ ጤነኛ ስለሆኑ አብሯችሁ ይስቃል። ስድቡ የሚያርፈው በሜዳው ዳር የሚያልፍ ታማሚ ላይ ነው። ቦሩ ሜዳ ሆስፒታል የሥጋ ደዌ ታማሚዎችን ሲያክም ስለኖረ፣ እንዲህ ያለ ሰው በእኛ ከተማ ብርቅ አይደለም።

ጣት እንዲሁ አይረግፍም። ተህዋሲው ነርቭን ይጎዳል፤ እጅ ስሜት ያጣል። ሰውየው የጋለ ድስት ሲይዝ አያመውም፣ መቃጠሉን ሳያውቅ ይውላል። ቁስሉ ያመረቅዛል፣ አጥንቱ ይጎዳል፣ ጣቱም እያጠረ ይሄዳል። በሽታው ብዙ ጊዜ ሲጀምር ግን ምልክቱ ቆዳ ላይ ፈዘዝ ያለ፣ ሲነኩት የማይሰማ ነጠብጣብ ነው። ያኔ ከታከመ ከ6 እስከ 12 ወር በሚወሰድ መድኃኒት ይድናል፤ መድኃኒቱም በነፃ ነው። የሞተ ነርቭ ግን አይመለስም። ነጠብጣቡን ያየ ሰው ያንን ስም ፈርቶ በልብሱ ከሸፈነው፣ ጣቱን የሚያሳጣው መዘግየቱ ነው።»

እዚህ ላይ «አሳፈርከኝ» የሚል ሐረግ ገብቶ ነበር፤ ሰረዝኩት። እሱ ካለ ወሬው ስለ እኔ ክብር ይሆንና ልጁ ይቅርታ ብሎ ይገላገላል፣ ታማሚው ይረሳል። በቴሌግራምም አልላክሁም፤ ስልኩን ጓደኞቹ ይቀባበሉታል፣ እነሱ ፊት ከተነበበ ደግሞ ሙድ መያዣ ነው የሚሆነው። ደብተሩ ውስጥ አስቀመጥኩለት።

«ቀልድ እኮ ነው» እንደሚል ስለማውቅ መልሱን አስቀድሜ ጻፍኩ፦ «ቀልድ መሆኑን አውቃለሁ፤ ነጠብጣቡን የደበቀው ሰው ግን በምን ያውቃል?»

«አትበል» ብቻ ብሎ መተውም አይሠራም። ኳስ ሲያመልጥ የሚጮኹት ነገር ያስፈልጋቸዋል፣ ካልተሰጣቸው የለመዱትን ይደግማሉ። ስለዚህ መጨረሻው ላይ «በረኛ ይቀየር!» በሉ አልኩት። ይህ የሚተቸው ጨዋታውን ነው፤ በረኛውም «እስቲ አንተ ግባ!» ብሎ መመለስ ይችላል።