መቶ ሳንቲም የሚሞሉ ቃላት

እያንዳንዱ ፊደል በገበታው ላይ ያለውን ተራ ቁጥር እንደ ዋጋ ይዞ፣ የቃሉ ድምር አስቀድሞ በተሰጠ ቁጥር ላይ በትክክል እንዲያርፍ የሚጠይቀው እንቆቅልሽ በእንግሊዝኛ የታወቀ ነው። ኤ 1፣ ቢ 2፣ ዜድ 26 እየተባለ ተደምሮ 100 የሚሞላ ቃል ሲገኝ «የዶላር ቃል» ይባላል፤ አንድ ዶላር 100 ሳንቲም ነውና። ብርም 100 ሳንቲም ስለሆነ፣ አራት ኪሎ አካባቢ ባለው መሥሪያ ቤታችን በምሳ ሰዓት ጨዋታውን ወደ አማርኛ አምጥተን «የብር ቃል» ብለነዋል። እዚህ የምጽፈው ቃላቱን በምን መንገድ እንደማገኛቸውና አማርኛ ሲሆን ምን እንደሚለወጥ ነው።

የምንጠቀምበት ገበታ 33 ፊደላት ያሉት ሲሆን ዋጋቸው እንዲህ ነው፦

ሀ1 ለ2 ሐ3 መ4 ሠ5 ረ6 ሰ7 ሸ8 ቀ9 በ10 ተ11 ቸ12 ኀ13 ነ14 ኘ15 አ16 ከ17
ኸ18 ወ19 ዐ20 ዘ21 ዠ22 የ23 ደ24 ጀ25 ገ26 ጠ27 ጨ28 ጰ29 ጸ30 ፀ31 ፈ32 ፐ33

«ቨ»ን 34ኛ አድርገን መጨረሻ ላይ አስቀምጠናታል። ይህን አስቀድሞ መወሰን የግድ ነው፤ በኮምፒውተር የፊደል ቅደም ተከተል «ቨ» ከ«በ» ቀጥሎ ስለሚመጣ፣ ያንን የሚከተል ሰው ከ«ተ» ጀምሮ ያለው ዋጋ ሁሉ ከኛ ጋር አይገጥምለትም። ግእዝ፣ ካዕብ፣ ሣልስ የሚለው ልዩነት ግን አይቆጠርም፤ «ሙ»ም «ማ»ም 4 ናቸው። በመሆኑም «ቤት»፣ «ቤቱ» እና «ቤቴ» እኩል 21 ያወጣሉ። ሲነበብ የሚጠብቅ ፊደልም አንድ ጊዜ ብቻ ስለሚጻፍ አንድ ጊዜ ብቻ ይቆጠራል።

ብዙ ሰው የሚጀምረው ረጃጅም ቃላትን አንድ በአንድ እየደመረ ነው። ይህ አድካሚ ከመሆኑም በላይ ለአማርኛ አይስማማም። አናባቢው በፊደሉ ውስጥ ስላለ ቃሎቻችን በጽሑፍ አጫጭር ናቸው፤ እንደ «ለ»፣ «መ»፣ «ረ»፣ «በ»፣ «ተ» ያሉት አዘውትረው የሚመጡ ፊደላት ደግሞ ርካሾች ስለሆኑ ብቻውን ቆሞ 100 የሚሞላ ቃል በቀላሉ አይገኝም። እኔ የምሠራው በተቃራኒው ነው፤ ከ55 እስከ 90 የሚያወጣ ቃል እይዝና የጎደለውን በቅጥያ እሞላለሁ። እንዲህ ያለውን ቃል የሚሰጡት ከ«የ» በኋላ ያሉት ውድ ፊደላት ናቸው፤ በተለይ «ደ»፣ «ገ»፣ «ጠ»፣ «ጸ» እና «ፈ»።

ለዚህ የቅጥያዎቹን ዋጋ በቃል ማወቅ ይበቃል። «ለ» 2፣ «ም» 4፣ «ስለ» 9፣ «በ» 10፣ «ች» 12፣ «ን» እና «ና» 14፣ «ከ» 17፣ «የ» 23፣ «ዎች» 31 ናቸው። ከእነዚህ ውስጥ ጎዶሎ ቁጥር የሚያወጡት «ስለ»፣ «ከ»፣ «የ» እና «ዎች» ብቻ መሆናቸውን ልብ ማለት ሥራውን በግማሽ ያቀልላል፤ የጎደለው ቁጥር ጎዶሎ ከሆነ ከአራቱ አንዱ የግድ መግባት አለበት፣ ሙሉ ከሆነ ደግሞ ወይ አንዳቸውም አይገቡም ወይ ሁለት ሆነው ይገባሉ።

«ጥያቄ»ን እንውሰድ። 27፣ 23 እና 9 ሲደመሩ 59 ስለሚሆኑ 41 ይጎድላል። 41 ጎዶሎ ነው። «የ» ቢገባ 18፣ «ከ» ቢገባ 24፣ «ዎች» ቢገባ 10 ይቀራል። አሥር ማለት «በ» ስለሆነች «በጥያቄዎች» 100 ትሞላለች። በመጀመሪያው መንገድም «ን» እና «ም» ተደምረው 18 ስለሚሆኑ «የጥያቄንም» ይገኛል፤ ነገር ግን ማንም በአፉ የማይለውን ቃል ማስቆጠር ለእኔ ደስ አይልም።

«ፒያሳ» 63 ስለሆነች 37 ትፈልጋለች። «ከ» ሲገባ የሚቀረው 20 አማርኛ በሚፈቅደው ቅጥያ አይሞላም፤ «የ» ሲገባ ግን 14 ስለሚቀር «ን» ይዘጋዋል። «የፒያሳን መንገድ ያዝ» በሚለው ንግግር ውስጥ ያለችው «የፒያሳን» እንግዲህ የብር ቃል ናት። በሒሳቡ «ለፒያሳዎችም» 100 ይመጣል፤ ሆኖም ፒያሳ አንዲት ናት።

ከሁሉም የወደድኩት «ከአዲስ አበባ» የሚለው ነው። ከሁለት ቃል የተሠራን የቦታ ስም እንደ አንድ ስለምንቆጥር አዲስ አበባ 83 ታወጣለች፤ የጎደላት 17 ደግሞ ራሷ «ከ» ናት። ክርክሩም የተነሣው በዚህችው ቃል ነው። ግእዝ የተማሩት አንጋፋ የሥራ ባልደረባችን ወረቀቱን አይተው፣ የደስታ ተክለ ወልድ መዝገበ ቃላት በ1962 ዓ.ም. ሲታተም ገና በርእሱ ላይ «ዐዲስ» ተብሎ በዐይኑ «ዐ» መጻፉን አስታወሱን። በዚያ አጻጻፍ ድምሩ 104 ይሆንና ብሩ ይፈርሳል።

እንግሊዝኛው ላይ የማይገጥም ችግር ይህ ነው። ሞክሼ ፊደላት በድምፅ አንድ ቢሆኑም በገበታው ላይ ቦታቸው የተለያየ ነው፤ «ሀ» 1፣ «ሐ» 3፣ «ኀ» 13፤ «ሠ» 5፣ «ሰ» 7፤ «አ» 16፣ «ዐ» 20፤ «ጸ» 30፣ «ፀ» 31። ስለዚህ «ፀሐይ» 57 ስትሆን «ጸሀይ» 54 ናት። ከዚያ ወዲያ አንዱ የሚጎድለውን ሳንቲም በሞክሼ ፊደል የመሙላት ፈተና ይመጣል። አንድ ልጅ «ለጽሕፈት ቤት» ብሎ 99 ላይ ቆመበትና «ጽ»ን በ«ፅ» ቀይሮ 100 አደረሰው። አንጋፋው ባልደረባችን ሣቅ ብለው «ልጄ፣ አንድ ሳንቲም ብለህ ጸሎቱን ጸ ከፀሐዩ ፀ ጋር አትለውጥ» አሉት። ቃሉ «ጸሐፈ» ከሚለው የግእዝ ግሥ የመጣ ስለሆነ በጸሎቱ «ጸ» እንደሚጻፍ አያከራክርም፤ 99ኙ በ99 ቀረ።

የደረስንበት ስምምነት ተራ ቃል በመዝገበ ቃላት፣ የቦታና የተቋም ስም ደግሞ ባለቤቱ በሚጽፈው አጻጻፍ እንዲቆጠር ነው። በዚህ መሠረት «ከአዲስ አበባ» ጸድቃለች። የውጭ ቃላት ላይ ክርክሩ ይቀንሳል፤ «ቴሌቪዥን» 83 ስለሆነች «ከቴሌቪዥን» ያለ አንዳች ተቃውሞ አልፋለች።

ስምምነቱ የማይፈታው ግን «ስድስት ኪሎ»ን ነው። ድምሩ 68 ስለሆነ 32 ይጎድለዋል። 32 ሙሉ ቁጥር ነውና ከጎዶሎዎቹ ሁለቱን መፈለግ ነበረብኝ፤ «ስለ» 9 እና «የ» 23 ተደምረው ልክ 32 ይመጣሉ። ሆኖም አማርኛ «ስለየስድስት ኪሎ» አይልም፤ መስተዋድድ ከፊት ሲመጣ «የ» ትወድቃለች። ጎዶሎ የሌለበትን መንገድም «በ»፣ «ለ»፣ «ን»፣ «ና» እና «ም»ን እያፈራረቅሁ ሞክሬዋለሁ፤ «ስድስት ኪሎንና» 96 ላይ ይቆማል፣ «በስድስት ኪሎናም» ደግሞ 96 ከመሆኑም በላይ አማርኛ አይደለም። ከስድስት ኪሎ የሚመላለሰው ባልደረባችን አሁንም 32 ሳንቲሙን እየፈለገ ነው።